ለቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፦ የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜን ስለማራዘም

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

በታክስ ውሳኔያችሁ ላይ ቅሬታ የማቀርብበት ጊዜ እንዲራዘምልኝ ያመለከትኩት ቀኑ ሳያልፍ ነው። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤታችሁ ገብቶ ማኅተም ተመትቶበታል፤ ግልባጩ እጄ ላይ ነው። ያገኘሁት መልስ ግን የቡድን መሪው ኮሪደር ላይ ቆመው የነገሩኝ ብቻ ነው፦ «የታመሙት እናትዎ እንጂ እርስዎ አይደሉም።»

የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 አንቀጽ 54ን ያውቁታል። በታክስ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ግብር ከፋይ ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ ያቀርባል። ከአገር ውጭ በመሆኑ፣ በሕመም ወይም በሌላ በቂ ምክንያት ካልቻለና ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ ካመለከተ፣ እስከ 10 ቀን ሊራዘምለት ይችላል። የእናቴ ሕመም የእኔ ሕመም አይደለም ብንል እንኳ፣ በቂ ምክንያት እንዴት አይሆንም?

እናቴ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነበረች። አስታማሚዋ እኔ ብቻ ነኝ። ነርሷ በሩን ከፈት አድርጋ የመድኃኒት ማዘዣ ታቀብላለች፤ ሆስፒታሉ ከሌለው ፋርማሲ ለፋርማሲ መዞር ነው። ሌሊትም ይጠራሉ። ከዚያ በር የሚርቅ ልጅ አለ?

ቅሬታው ደግሞ «ውሳኔው አልተስማማኝም» ብሎ ፈርሞ የሚሰጥ አይደለም። ምክንያቱ፣ መስተካከል ያለበት ሂሳብና ማስረጃው በዝርዝር መቅረብ አለባቸው። እኔ መለዋወጫ አስመጪ ነኝ። ወጪዬን «በማስረጃ አልተደገፈም» ብላችሁ ጥላችሁታል። ይህንን ለመመለስ እያንዳንዱ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ከባንክ ክፍያውና ከማጓጓዣ ደረሰኙ ጋር መናበብ አለበት፤ ሰነዶቹም ሱቄ ውስጥ የተቆለፉ ናቸው። ያልተከራከርኩበትን ግብር ግን ከፍያለሁ፤ ጊዜ የጠየቅሁት ለመሸሽ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ያስቆጣኝ ዝምታችሁ ነው። 10 ቀኑ የሚቆጠረው እናንተ ከወሰናችሁበት ቀን ሳይሆን 21 ቀኑ ካለቀበት ጀምሮ ነው። ማመልከቻዬ ጠረጴዛ ላይ ባደረ ቁጥር ጊዜው ከእኔ ይቀነሳል። «ቡድን መሪው ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትሉኝ፣ «ዋናውን የሕክምና ማስረጃ አምጣ» ስትሉኝ፣ አምጥቼም «ነገ ተመለስ» ስትሉኝ ጊዜው አለቀ። ቅሬታ ያልቀረበበት ውሳኔ የመጨረሻ ይሆናል፤ ማንም «አይሆንም» ብሎ ሳይፈርም በሩ ተዘጋብኝ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ማመልከቻዬ በወቅቱ መግባቱ ተረጋግጦ ያዘጋጀሁት ቅሬታ ይመዝገብልኝ። ካልሆነም የተከለከልኩበት ምክንያት፣ የወሰነው ኃላፊ ስምና ቀኑ ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት ይሰጠኝ። ኮሪደር ላይ የሰማሁትን ይዤ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ፊት ልቆም አልችልም።

ግብር ከፋዩ