ለልብስ ስፌት ቡድናችን አባላት፦ ስለ ማስተካከያ ዋጋና ስለ ልክ ደብተር

ሰላም እህቶችና ወንድሞች፣

ይህን የምጽፈው በቤታችሁ ማሽን ተክላችሁ ሥራ ለጀመራችሁ ነው። "ዚፕ መቀየር ይህን ያህል" ብሎ በጅምላ መቁረጥ አያዋጣም። ገበር የሌለው ጉርድ ቀሚስ 20 ደቂቃ ቢበቃው፣ ገበር ያለው ግን ገበሩ ተፈትቶ ከዚፑ ጋር እንደገና ተሰፍቶ ስለሚተኮስ 50 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። የአንድ ሰዓት ድካማችሁን 120 ብር ብትተምኑት (አሃዙን እንደየከተማችሁ ለውጡት) የመጀመሪያው የእጅ ዋጋ 40፣ የሁለተኛው 100 ብር ይሆናል። በሁለቱም ላይ የዚፑን መግዣ፣ ለክርና ለመብራትም ጥቂት ጨምሩ። ስለዚህ ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት ልብሱን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ።

ደብተሩ ላይ "ደረት 92" ብቻ ከተጻፈ ከወር በኋላ የሰውነቷ ይሁን የልብሱ አይታወቅም። "ሰውነት 92፣ ልብስ 98" ብላችሁ ለየብቻ ጻፉ፤ ልዩነቱ ለመተንፈሻና ለመንቀሳቀሻ የተተወ ነው። ቀኑም አይቅር፣ በተለይ የልጅ ልክ ከሆነ። ያለፈው ዓመት ልክ ለዘንድሮ ዩኒፎርም አይሆንም።

ሱሪ ለማሳጠር ደንበኛው ሁልጊዜ የሚያደርገውን ጫማ አድርጎ ይቁም። ሁለቱንም እግር ለኩ፤ እኩል የማይሆኑበት ጊዜ አለ። አዲስ የጥጥ ሱሪ ከሆነ ሳይቆረጥ ይታጠብ፣ አለዚያ በመጀመሪያው እጥበት አጥሮ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል፤ ወቀሳው ደግሞ ለእኛ ነው።

የቆየ የፕላስቲክ ሜትርም ስለሚለጠጥ አልፎ አልፎ ከብረት ማስመሪያ ጋር አስተያዩት።