ለደንበኞቻችን፦ የወንዝ ሙላት ስሌታችሁ ሲታደስ ቁጥሩ ለምን እንደሚለወጥ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ወንዝ አጠገብ ላለው ይዞታችሁ የሙላት ከፍታ ስሌት ካሠራችሁት መካከል አንዳንዶቻችሁ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስሌቱ ሲታደስ ቁጥሩ ለምን እንደተለወጠ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በመጀመሪያው ሪፖርት ውሃው 2 ሜትር ያህል እንደሚሞላ ጽፈን በሁለተኛው ከ3 ሜትር በላይ ካልን፣ ይወርዳል ያልነው የውሃ መጠን ደግሞ በሁለቱም አንድ ከሆነ፣ ከሁለቱ ሪፖርቶች አንዱ ስህተት መሆን አለበት ብሎ ማሰብ አያስገርምም። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ የሚችሉበትን ምክንያት በዚህ ደብዳቤ እናስረዳለን።

ወንዝ ውስጥ ያለን ውሃ ክብደቱ ቁልቁል ይስበዋል፤ ወለሉና ዳሩ ደግሞ እየታሸ ይይዘዋል። የሚስበውና የሚይዘው ኃይል እኩል በሆኑበት ጊዜ ውሃው በአንድ ወጥ ፍጥነት ይወርዳል። ይህን ፍጥነት የምናሰላው አየርላንዳዊው መሐንዲስ ሮበርት ማኒንግ እ.ኤ.አ. በ1889 ባቀረበው፣ ዛሬም በሙያው በሰፊው በሚሠራበት ቀመር ነው፦

```
V = (1/n) × R^(2/3) × S^(1/2)
```

V አማካይ ፍጥነቱ በሜትር በሰከንድ ነው። S ተዳፋቱ፣ n ደግሞ የወለሉ ሸካራነት ነው። R የሚገኘው፣ ወንዙ በአግድሙ ቢቆረጥ የሚታየው የውሃ ስፋት ውሃው ለሚነካው የወለልና የዳር ርዝመት ሲካፈል ነው። ጥልቅ የሆነ ውሃ ከሚነካው ወለል አንጻር ብዙ ስለሆነ R ይበልጣል፤ ተዘርግቶ የሚሄድ ስስ ውሃ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከወለሉ ጋር ስለሚታሽ ይዘገያል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። ወርዱ 20 ሜትር የሆነ፣ ዳሮቹ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት 2 ሜትር ዝቅ የሚል የወንዝ መውረጃ አለን እንበል። ወለሉ ጠጠርና አፈር ሆኖ ጥቂት ሣር ስላለበት n 0.035 ነው። ውሃው 2 ሜትር ሲሞላ ስፋቱ 40 ካሬ ሜትር፣ የሚነካው ርዝመት 24 ሜትር፣ R ደግሞ 1.67 ሜትር ይሆናል። ከዚህ የሚገኘው ፍጥነት በሰከንድ 1.8 ሜትር ሲሆን፣ በዚያ ከፍታ የሚያልፈው ውሃ በሰከንድ 72 ሜትር ኩብ ያህል ነው። የመጀመሪያው ሪፖርት ቁጥር ይህ ነው ብላችሁ ያዙት።

ተዳፋቱን በተመለከተ ልብ ልትሉት የሚገባው፣ ቀመሩ ውስጥ የገባው በካሬ ሥሩ መሆኑን ነው። በዚያው ጥልቀት ፍጥነቱ እጥፍ እንዲሆን ተዳፋቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ተዳፋቱን ስንለካ የምንሠራው ስህተት ፍጥነቱ ላይ ሲደርስ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ይህ ማለት ግን እንደነገሩ ይለካ ማለት አይደለም። አንዳንድ ደንበኞች ወጪ ለመቀነስ ብለው ራሳቸው ያስለኩትን የ100 ሜትር ልኬት ይዘው ይመጣሉ። በምሳሌያችን ወንዝ በ100 ሜትር ውስጥ ያለው የከፍታ ልዩነት 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ልኬቱ የተጀመረው ውሃ በቆፈረው ጉድጓድ ላይ ቢሆንና 5 ሴንቲ ሜትር ቢሳሳት፣ ተዳፋቱ በሩብ፣ ፍጥነቱም ከ12 እስከ 13 በመቶ ይዛባል። ቀያሾቻችን ከይዞታችሁ አልፈው ወደ ላይም ወደ ታችም ብዙ መቶ ሜትር የሚሄዱት፣ የወለሉን ብቻ ሳይሆን የውሃውንም ገጽ ዝቅታ የሚለኩት ለዚህ ነው። አንዳንዶቻችሁ ያለ ሥራ የሚዞሩ መስሏችሁ ነበር።

ወርድን በተመለከተ የምንሰማው ግምት ብዙውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። መውረጃው በግማሽ ቢጠብብ ውሃው ሁለት እጥፍ ይፈጥንና ከፍታው ባለበት ይቆያል የሚሉን አሉ። በምሳሌያችን 20 ሜትር የነበረው ወርድ ለረጅም ርቀት 10 ሜትር ቢሆን፣ ያው በሰከንድ 72 ሜትር ኩብ ውሃ ለማለፍ 3.48 ሜትር ያህል ይሞላል፤ ፍጥነቱ ግን ከ1.8 ወደ 2.1 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ይላል። የጠፋው ቦታ የሚካሰው በአብዛኛው በፍጥነት ሳይሆን በከፍታ ነው። መውረጃው በተቃራኒው ወደ 30 ሜትር ቢሰፋ ደግሞ ከፍታው 1.5 ሜትር ገደማ፣ ፍጥነቱ 1.6 ሜትር ገደማ ይሆናል። የዘገየ ውሃ የተሸከመውን ደለል ስለሚጥል፣ ከልክ በላይ የሰፋ መውረጃ ከጥቂት ሙላቶች በኋላ መሃሉ ላይ ደሴት አውጥቶ ወደ ቀድሞ ወርዱ ሲመለስ አይተናል። በዚህ ምክንያት ማስፋትን እንደ መጀመሪያ መፍትሔ አንመክርም።

ሪፖርቱን የለወጠው ግን ተዳፋቱም ወርዱም አይደለም፤ ሸካራነቱ ነው። የስሌታችን ደካማ ጎንም እዚሁ ላይ ስለሆነ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ተዳፋትና ወርድ በመሣሪያ ይለካሉ። n ግን የሚመረጠው ወንዙን በዓይን አይቶና ከሠንጠረዥ ጋር አመሳክሮ ነው። ለስላሳ ኮንክሪት 0.013 ያህል፣ ንጹሕና ቀጥ ያለ የተፈጥሮ ወንዝ 0.030 ያህል፣ ቁጥቋጦ የወረረው መሬት 0.100 ያህል ይሰጠዋል። n በቀመሩ ውስጥ አካፋይ ነው፤ ከተዳፋቱ በተለየ የካሬ ሥር የሚያለዝበው ባለመሆኑ፣ በምርጫው ላይ የተሠራ ስህተት እንዳለ ወደ ፍጥነቱ ይተላለፋል።

አሁን ምሳሌያችን መውረጃ ለአራትና አምስት ዓመት ሳይጠረግ ቀርቶ ቁጥቋጦና ደንገል ሞላው እንበል። n ከ0.035 ወደ 0.070 እጥፍ ይሆናል። ጥልቀቱ 2 ሜትር ላይ ቢቆይ ፍጥነቱ በግማሽ ወርዶ በሰከንድ 0.9 ሜትር፣ የሚያልፈውም ውሃ 36 ሜትር ኩብ ብቻ ይሆን ነበር። ከላይ የሚመጣው ግን ያው 72 ነው። ስለዚህ ውሃው ከፍ ይላል፤ ከፍ ሲል ስፋቱም Rም ስለሚያድጉ በመጠኑ ይፈጥናል፤ ከፍታው 3.14 ሜትር፣ ፍጥነቱ 1.14 ሜትር ሲደርስ የመጣውና የሚያልፈው እኩል ይሆናሉ። የሁለተኛው ሪፖርት ቁጥር ይህ ነው። ዝናቡ ሳይጨምር ከአንድ ሜትር በላይ ከፍታ የጨመረው ቁጥቋጦው ነው።

ሁሉም ተክል እኩል አይዝም። ቀጭን ደንገልና ሣር ውሃው ሲበረታበት ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ሸካራነቱም ይቀንሳል። እንጨትነት ያለው ቁጥቋጦ ግን ቆሞ ይቀራል፤ የሚንሳፈፈውን ገለባና ቅርንጫፍ ሁሉ እየያዘ እንደ አጥር ይሆናል። በድንጋያማ ወንዝ ደግሞ ውሃው ትንሽ ሳለ ቋጥኞቹ ብቅ ብለው እጅግ ይይዙታል፤ ሲሞላ ይዋጡና ተጽዕኗቸው ይቀንሳል። ይህን ለመማር እኛም ከፍለናል። በአንድ ሥራ ላይ n የመረጥነው በደረቅ ወቅት ከተነሣ ፎቶ ነበር፤ ቅጠሉ ረግፎ ስለነበር ዳሩ ንጹሕ መሰለን። ሙላቱ ከወረደ በኋላ ቦታው ላይ ስንደርስ፣ ከገመትነው ከፍታ በላይ ቅርንጫፎቹ ላይ ገለባ ተጠምጥሞ አገኘን። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ባለበት ወቅት ያልታየን ወንዝ ሪፖርት አንፈርምም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፣ ውሃው ከመውረጃው ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲፈስ ነው። ቁጥቋጦ በሌለበት በዚያው የ20 ሜትር መውረጃ አንድ ዳር፣ ከ2 ሜትር በላይ ሲሞላ ውሃ የሚወጣበት 100 ሜትር ወርድ ያለው ሜዳ አለ እንበል። ውሃው 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሜዳው ላይ ቢወጣና መውረጃውና ሜዳው እንደ አንድ ተቆጥረው ቢሰሉ፣ የሚነካው ርዝመት በድንገት ከ120 ሜትር በላይ ስለሚሆን R ይወድቃል፤ ቀመሩም የሚያልፈው ውሃ በሰከንድ 53 ሜትር ኩብ ገደማ ነው ይላል። ውሃው ከፍ ብሎ ሳለ የሚያልፈው ከ72 ቀነሰ ማለት ነው፤ ይህ ሊሆን አይችልም። ሁለቱ ለየብቻ ሲሰሉ መውረጃው 84 ያህል፣ ቁጥቋጦ ያለበት ሜዳ 3 ያህል፣ በድምሩ 87 ያሳልፋሉ። ሌላ ባለሙያ ያዘጋጀው ሪፖርት በእጃችሁ ካለና ከፍታው ሲጨምር የውሃው መጠን የሚቀንስበት ረድፍ ሠንጠረዡ ውስጥ ካያችሁ፣ ስሌቱን ያዘጋጀውን ሰው ስለዚህ ጠይቁት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ውሃው ረዘም ባለ ወጥ መውረጃ ሲወርድ ነው። ከታች ጠባብ ድልድይ ወይም የተደፈነ ቱቦ ካለ፣ ውሃው ከዚያ ወደ ኋላ ስለሚቆለል ከፍታውን የሚወስነው እሱ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ቦታ ከድልድዩ ተነሥተን ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ እናሰላለን፤ የሥራው ዋጋና ጊዜም የሚለየው በዚህ ነው።

የመረጥነውን n በተሻለ ማረጋገጥ የሚቻለው ካለፈ ሙላት ነው፤ በዚህ እናንተ ከእኛ ትቀርባላችሁ። ውሃው በወረደ ማግስት ግድግዳ ላይ የቀረውን የጭቃ መስመርና ዛፍ ላይ የተጠመጠመውን ገለባ በቀለም ምልክት አድርጉበት። ከዛፍ ግንድ ላይ የምትወስዱት ምልክት ግን ውሃው በመጣበት በኩል ያለውን አይሁን። ውሃው ግንዱን ሲመታ ወደ ላይ ይዘልላል፤ በሰከንድ 1.8 ሜትር ሲሄድ እስከ 16 ሴንቲ ሜትር ሊዘል ይችላል። ሙላቱ ሳለ ዳር ሳትጠጉ አስተማማኝ ቦታ ሆናችሁ የሚንሳፈፍ እንጨት በ50 ሜትር ርቀት መካከል ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ብትይዙም ይጠቅመናል። 24 ሰከንድ ከፈጀ የላይኛው ውሃ ፍጥነት በሰከንድ 2.1 ሜትር ያህል ነው። ከወለሉ አጠገብ ያለው ውሃ ስለሚዘገይ በ0.85 ስናባዛው አማካዩ 1.8 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ስሌታችሁ ዘንድሮ የሚታደስ ደንበኞች እነዚህን ምልክቶችና በዝናብ ወቅት ከአንድ ቦታ ወደ ላይና ወደ ታች ያነሣችኋቸውን ፎቶዎች፣ መውረጃው ለመጨረሻ ጊዜ የተጠረገበትን ጊዜ ጨምራችሁ፣ ቀያሾቻችን ወደ እናንተ ከመምጣታቸው በፊት እንድትልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የድርጅቱ የሙላት ስሌት ክፍል