95 በመቶ ያላችሁት በየትኛው ቅጂ ላይ ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን አማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ስለሚቀይር ፕሮግራም ያወጣችሁትን አነበብኩ። "95 በመቶ ትክክል ነው" ብላችኋል። በምን ዓይነት ቅጂ እንደተፈተነ ግን ትንፍሽ አላላችሁም። እኔ ፍኖተ ሰላም ሆኜ የገበሬዎችን ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ፤ ሥራዬ ስለሆነ ቁጥሩን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። የተሳሳቱት፣ የተዘለሉትና ሳይባሉ የገቡት ቃላት ተደምረው ሰውየው ለተናገራቸው ቃላት ብዛት ይካፈላሉ። ገበሬው "ዘንድሮ ማዳበሪያው በጊዜ አልደረሰልንም" አለ እንበል። አራት ቃል ነው። ፕሮግራሙ መጨረሻውን "ደረሰልን" ብሎ ቢጽፈው ከአራት አንድ ሳተ፤ ስህተቱ 25 በመቶ። "አል ደረሰልንም" ብሎ ለሁለት ቢቆርጠው ግን አንድ የተሳሳተ፣ አንድ የተጨመረ ተብሎ 50 በመቶ ይሆናል። ጉድ እኮ ነው! ነገሩን የገለበጠው ከቆራረጠው የተሻለ ውጤት አገኘ። ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደሎች አስቀድመው ወደ አንድ ካልመጡ ደግሞ "ፀሐይ"ን "ጸሀይ" ብሎ መጻፍም እንደ ሙሉ ስህተት ይቆጠራል።

ችግሩ አሉታውን የሚሸከሙት ፊት ያለችው "አል" እና ጭራ ላይ ያለችው "ም" መሆናቸው ነው። "ም" ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ወፍጮ ቤት አጠገብ ከተቀዳ የሞተሩ ጉርምርምታ ይውጣታል። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከተቀዳ ደግሞ ዝናቡ "ስ"ን እና "ሽ"ን ይሸፍናል፤ እሱ እንኳ ከዙሪያው ቃል ይገመታል። "ም" ብቻዋን ከጠፋችም ከ"አል" ትገመታለች። "አል"ም አብራ ከጠፋች ግን ብዙ ጊዜ አይገመትም፤ "ደረሰልን"ም "አልደረሰልንም"ም ሁለቱም ደህና አማርኛ ናቸውና።

ሌላው የፕሮግራሙ ውጤት የሚመዘንበት፣ ሰው የገለበጠው ማመሳከሪያ ጽሑፍ ነው። ሰው ፈጠን ብሎ ሲያወራ "አድርጎ" ማለቱ ቀርቶ "አርጎ" ይላል። ገልባጩ "አድርጎ" ብሎ አቃንቶ ከጻፈው፣ የሰማውን በትክክል የጻፈው ፕሮግራም ተሳሳተ ይባላል። "ፋይሉን ላክልኝ" ውስጥ ያለው "ፋይል" በላቲን ፊደል ከወጣም እንደዚያው፤ ያቺ "ኡን" የምትገባበት ጠፍቷት ስትንከራተት አይቻለሁ። በ2005 እ.ኤ.አ. የቀረበው ታዋቂው የአማርኛ ንግግር ስብስብ፣ 20 ሰዓት ገደማ የሆነው፣ ከጽሑፍ እየተነበበ የተቀዳ ነው። እንዲህ ባለው ቅጂ ላይ የተገኘ ውጤት ለገበያ መሀል ወሬ አይሠራም።

ስለዚህ ሌላ ጊዜ ቁጥር ስታወጡ ይህን ጠይቁልን። ቅጂው የተነበበ ነው ወይስ ሰው እንደልቡ ያወራው? ፊደሎቹ ወደ አንድ መጥተዋል? ከሁሉም በላይ ደግሞ "አል...ም" ያለባቸው ቃላት ለብቻ ተቆጥረው ስንቱ አሉታውን ጣለ? እኔን የሚያሠራኝ የመጨረሻው ነው፤ የተቆራረጠ ቃል በዓይን ይታያል፣ ትርጉሙ የተገለበጠውን ግን ቅጂውን መልሶ ካላዳመጡት አያገኙትም።

አንባቢያችሁ፣ ከፍኖተ ሰላም