«እኛ» ያልኩት ስንት ጊዜ ነው?

ለውዷ ጓደኛዬ ለሔዋን፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ልጆቹስ? ሐዋሳ ከገባሽ ሁለት ፋሲካ አለፈ፤ እኔ ግን አንዴም አልደወልኩልሽም። ምክንያቱን ልንገርሽና ከፈለግሽ ተቆጪኝ። ሥራ ፈትቼ ነበር። በደወልኩ ቁጥር «አገኘሽ?» እንዳትይኝ ፈርቼ ነው የጠፋሁት።

የነበርኩበት ፕሮጀክት ሲያልቅ ሁላችንንም አሰናበቱን። ከዚያ ወዲህ አራት ቦታ ለአካውንታንትነት ተወዳደርኩ። አራቱም ጋ የጽሑፍ ፈተናውን አልፌ ኢንተርቪው ላይ ወደቅኩ። መጀመሪያ «ዘመድ ስለሌለኝ ነው» ብዬ ተጽናናሁ። በኋላ ሳስበው ግን ሲቪዬ ባይረባ አይጠሩኝም፤ ሙያውን ባላውቅ ጽሑፉን አላልፍም። ችግሩ ያለው እዚያ ክፍል ውስጥ በተቀመጥኩባት ግማሽ ሰዓት ነው።

ስለዚህ ልጠይቃቸው ወሰንኩ። አጠያየቁን ግን አላወቅኩበትም። ለመጀመሪያው መሥሪያ ቤት «ያላለፍኩበት ምክንያት ይገለጽልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ዝም አሉኝ። አሁን ሳነበው ቅሬታ ማቅረቢያ ነው የሚመስለው፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እከሰሳለሁ ብዬ አልመልስም ነበር። ሁለተኛው ጋ የሰው ኃይል ክፍል ደወልኩ። ልጅቷ ትሁት ናት፤ ግን ኢንተርቪው ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም። «የተሻለ ተወዳዳሪ ስለተገኘ ነው» ከማለት ሌላ ምን ታውቃለች?

ሦስተኛው ቦታ የተለየ ነበር። ሰባት ደቂቃ እንኳን አልቆየሁም። አንዱ ጠያቂ ስልኩን እየነካካ ነበር፤ መልሴን ተከትሎ «እንዴት?» ያለኝ ሰው የለም። ቦታው ላይ በውክልና የምትሠራ ልጅ እንዳለች በኋላ ሰማሁ። ከዚያ የምማረው ነገር ስላልነበረ መልእክትም አልላክሁ።

አራተኛው ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። እንደወጣሁ ካፌ ገብቼ፣ ማኪያቶዬ እስኪመጣ የጠየቁኝንና የመለስኩትን በሙሉ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። አላለፍሽም ሲሉኝ፣ ካርዱን ለሰጠኝ የፋይናንስ ኃላፊ በማግሥቱ ኢሜይል ላክሁ። እንዲህ ነበር ያልኩት፦ «ውሳኔዎን ተቀብያለሁ፤ ስለሰጡኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። ለሚቀጥለው እንድዘጋጅ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ መልሴ በጣም የሳሳብዎት የትኛው ጥያቄ ላይ ነው?» በቃ ይህችው ናት። «ለምን» የሚል ቃል የለባትም፤ ቆሞ እየሄደ በስልኩ ሊመልሳት ይችላል።

በአራተኛው ቀን መለሰልኝ። ሦስት መስመር ናት፦ «በሂሳብ ላይ ያገኙትን ልዩነት እንዴት እንደፈቱ ጠይቀንዎት ነበር። ‹አጣርተን አስተካከልን› አሉ። እርስዎ በግልዎ ምን እንደሠሩ ስላልገባን ነጥብ መስጠት አልቻልንም።»

ሔዋንዬ፣ ማስታወሻዬን ገልጬ ሳየው መልሶቼ ሁሉ «እኛ» ናቸው። ሠራን፣ ዘጋን፣ አስተካከልን። «እኔ» ማለት ለእኛ ቤት ልጅ ጉራ ነው፤ እናቴን ታውቂያት የለ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን እያንዳንዱ ጠያቂ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ነጥብ የሚሞላበት ወረቀት ይዟል። «እኛ» ካልኩ ነጥቡን ለማን ይስጥ?

የሚያበሽቀው ደግሞ ታሪኩ የራሴ መሆኑ ነው። የወሩን የባንክ ሪኮንሲሌሽን፣ ማለትም መዝገባችንን ከባንኩ ሂሳብ ጋር የማስታረቁን ሥራ ስሠራ፣ መዝገባችን ከባንኩ 45,000 ብር በልጦ ተገኘ። ባንኩ ገና ያልመዘገበው ገቢ ፈለግሁ፣ የለም። ያኔ የዩኒቨርሲቲው መምህራችን ነገር ትዝ አለኝ፦ «ልዩነቱን ለዘጠኝ አካፍሉት፤ እኩል ከተካፈለ ቁጥር ተገለባብጦ ይሆናል።» አካፈልኩት፣ 5,000። ከዚያ የወሩን ክፍያዎች ከባንኩ ወረቀት ጋር አንድ በአንድ ሳመሳክር፣ የ83,600 ብር ቼክ 38,600 ተብሎ ተመዝግቦ አገኘሁት። ማረሚያውን ሠርቼ ለኃላፊዬ አስፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ ቼክ ሲመዘገብ ሌላ ሰው እንዲያየው ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ «አጣርተን አስተካከልን» ብዬ ጨረስኩት! መምህሩ ቢሰማ ምን ይል ነበር?

የአንድ ሰው አስተያየት ስለሆነ ወዲያው አላመንኩትም። የሌሎቹን ኢንተርቪዎች የማስታውሰውን ያህል ጽፌ አየሁት። ሁለቱ ላይ «እርስዎ ራስዎ ግን?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንደገና «እኛ» ብዬ መልሼላቸዋለሁ። ፍንጩን ሰጥተውኝ ነበር ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የሚቀጥለው ሐሙስ አምስተኛው ኢንተርቪዬ ነው። ቅዳሜ ማታ ልጆቹን ካስተኛሽ በኋላ ልደውልልሽ። ያን የ45,000ውን ታሪክ በሁለት ደቂቃ እነግርሻለሁ፤ አንቺ ሰዓት ያዢልኝ፣ «እኛ» ባልኩ ቁጥር ደግሞ አቋርጪኝ። እንዳታዝኚልኝ ብቻ። ከሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ መቆጣት ካማረሽም ያኔ አብረሽ ጨርሺው።

ያንቺው፣
ትዕግሥት