በፋኖስ ብርሃን ያረምኩት ወረቀት

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ከሁለት ዓመት በላይ አንዲት መስመር እንኳ ሳልጽፍልህ በመቆየቴ ከልብ አዝናለሁ፤ ይቅርታህንም እለምናለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት ያረምኩት የፈተና ወረቀት ነው፤ በኮሌጅ ሳለን በሒሳብ ጥያቄ ስንከራከር ያደርን ነንና፣ ይህን ካንተ በፊት የምነግረው ሰው አላገኘሁም።

መብራት ስለ ጠፋ የማርመው በፋኖስ ነበር። ለ11ኛ ክፍል ያወጣሁት ጥያቄ «64 ቡድኖች በጥሎ ማለፍ ቢወዳደሩ ዋንጫው እስኪለይ ስንት ጨዋታ ይደረጋል?» የሚል ነው። የጠበቅሁት መልስ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ብለው የየዙሩን ጨዋታ ከጻፉ በኋላ፣ ባስተማርኳቸው ቀመር ደምረው 63 እንዲያገኙ ነበር። ከ5 ነጥብ 4ቱ ለአሠራሩ፣ 1ዱ ለውጤቱ ነው።

አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ግን ቀመሩን ሳትነካ እንዲህ ጽፋለች፦ «በእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ቡድን ይሰናበታል። ዋንጫ የሚወስደው አንድ ስለ ሆነ 63ቱ መሰናበት አለባቸው። ስለዚህ 63 ጨዋታ።»

እውነቱን ልንገርህ፣ አሠራር የለውም ብዬ በቀይ እስክሪብቶ 1 ጻፍኩ። ወረቀቱን ካስቀመጥኩት በኋላ ግን ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ፤ ቡድኖቹ 37 ቢሆኑስ ብዬ ፋኖሱን አስጠግቼ መቁጠር ጀመርኩ። በመጀመሪያው ዙር 18 ጨዋታ ተደርጎ አንዱ ቡድን ያለ ጨዋታ ያልፋል፤ 19 ይቀራሉ። ቀጥሎ 9፣ ከዚያ 5፣ 2፣ 1 እና 1 ጨዋታ ይደረጋል፤ ድምሩ 36 ነው። በአንዳንዱ ዙር ጎዶሎ ቁጥር እየመጣ የእኔ ቀመር እዚህ አይሠራም፤ የእርሷ ሐሳብ ግን 37 ሲቀነስ 1 ብሎ በአንድ መስመር ይጨርሰዋል። እኔ ጨዋታዎቹን ስቆጥር እርሷ ተሸናፊዎቹን ቆጥራለች። ለደረጃ ጨዋታ ከተጨመረ ወይም በደርሶ መልስ ከሆነ ቁጥሩ ይለወጣል፤ ጥያቄዬ ግን ያንን አላካተተም።

1ዱን ሰርዤ 5 ሰጠኋት፤ ከጎኑም «አንድ ቡድን የሚሰናበተው ሁለት ጊዜ ሲሸነፍ ቢሆንስ?» ብዬ ጻፍኩላት። ወረቀቱን በመለስኩ ማግስት ከክፍል ስወጣ በር ላይ ጠብቃ፣ «መምህር፣ ዋንጫ የወሰደው ቡድን አንድ ጊዜ ተሸንፏል ወይስ አልተሸነፈም?» ብላ ጠየቀችኝ። ካልተሸነፈ 126፣ ከተሸነፈ 127 መሆኑን ደብተሯ ላይ ሠርታ ይዛ ነበር።

አክባሪ ወንድምህ