በቴሌብርና በባንክ ስትከፍሉ ለምን ጥቂት እንደምናስጠብቃችሁ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

መደብራችን የካርድ መክፈያ ማሽን የለውም። ከጥሬ ገንዘብ ሌላ የምንቀበለው በቴሌብር የነጋዴ ቁጥራችንና በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሂሳባችን ብቻ ነው። ሁለቱም ከነስማቸው ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ለፊት ተለጥፈዋል።

በቴሌብር ስትከፍሉ «ገንዘብ መላክ»ን ሳይሆን የነጋዴ ክፍያን ምረጡ። ኢንተርኔት ከሌላችሁ *127# ደውላችሁ መክፈል ትችላላችሁ። በባንክም ሆነ በቴሌብር፣ የሚስጥር ቁጥራችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ስልኩ የተቀባዩን ስም ያሳያችኋል። ያን ስም ከተለጠፈው ጋር አስተያዩት። አንድ አሃዝ ተሳስቶ ብሩ ሌላ ሰው ዘንድ ከገባ፣ እኛ የምናስመልስበት መንገድ የለንም፤ አቤቱታው የሚቀርበው ለላካችሁበት ባንክ ወይም ለቴሌብር ነው። ወደ ሠራተኞቻችን የግል ስልክም አትላኩ፤ የመደብሩ ሂሳብ ላይ ስለማይታይ እንደተከፈለ አንቆጥረውም።

አንዳንዶቻችሁን ቅር የሚያሰኘው ስክሪንሾት አይተን ዕቃ አለመስጠታችን ነው። ስክሪንሾት ላይ ያለን መጠንና ቀን መቀየር ቀላል ነው፤ እውነተኛው ደረሰኝም ለሁለት ግዢ ሊቀርብ ይችላል። የተላለፈ የጽሑፍ መልእክትም ማንም ሰው ጽፎ ሊልከው ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ተቀባይዋ የምታየው በእኛ ሂሳብ ላይ የገባውን ነው፤ የግብይት ቁጥሩን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ታመሳክራለች። የንግድ ባንክ የግብይት ቁጥር በ FT ይጀምራል፤ እሱን ብታነቡላት ፍለጋው ያጥራል። የማረጋገጫ መልእክት ሊዘገይ ስለሚችል፣ መልእክቱ ባይደርሰንም የሂሳቡን ዝርዝር ከፍተን እናያለን።

ብዙ ችግር የሚፈጠረው ከሌላ ባንክ ወደ ንግድ ባንክ ሲላክ ነው። ለምሳሌ የ4,680 ብር ዕቃ ገዝታችሁ ከሌላ ባንክ ላካችሁ እንበል። ከእናንተ ሂሳብ ተቀንሷል፣ እኛ ጋ ግን አልታየም። እባካችሁ ደግማችሁ አትላኩ፤ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሲገባ ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ትገኛላችሁ። መጀመሪያ ደረሰኙ «ተሳክቷል» ወይስ «በሂደት ላይ» እንደሚል እዩ። በሂደት ላይ ከሆነ ገና አልደረሰንም፤ ዕቃውን በስማችሁ ለይተን እናስቀምጣለን፣ ሲገባም እንደውላለን። ተሳክቷል እያለ ካልገባ፣ የግብይት ቁጥሩን ይዛችሁ የላካችሁበትን ባንክ ጠይቁ፤ ገንዘቡ የት እንደቆመ መከታተል የሚችለው እሱ ነው።

ትርፍ ከከፈላችሁ የምንመልሰው ገንዘቡ ወደመጣበት ሂሳብ ብቻ ነው። «ለወንድሜ ላኩልኝ» ስትሉን እምቢ የምንለው፣ ከፋዩ ሌላ ሰው ሆኖ በኋላ ቢጠይቀን መልስ ስለማይኖረን ነው።

ዕቃ ቤታችሁ ድረስ ስናደርስ፣ ሞተረኛው የመደብሩን ሂሳብ በስልኩ ማየት አይችልም። እሱ ሲደርስ ከከፈላችሁ ወደ መደብሩ ይደውላል፤ ገብቷል ስንለው ያስረክባችኋል። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኛችሁንም ከእሱ ተቀበሉ፤ ስልካችሁ ላይ ያለው የክፍያ ማረጋገጫ የግብር ደረሰኝን አይተካም።

ከአክብሮት ጋር፣
የመደብሩ ሂሳብ ክፍል