ልጄ፣ የመንገድሽን ሰዓት እንደገና እናስላው

ውድ ልጄ፣

«630 ኪሎ ሜትር ነው፤ ካርታው 9 ሰዓት ይፈጃል ይላል። ጠዋት 12 ሰዓት ከወጣሁ 9 ሰዓት ላይ እገባለሁ» ብለሽኛል። ካርታው የሚቆጥረው ግን መኪናው የሚሄድበትን ጊዜ ብቻ ነው። ቆመሽ የምታርፊበትን አያውቅም።

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የአውቶቡስና የከባድ መኪና ሾፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት። በቀን ከ9 ሰዓት በላይ አይነዳም፤ እስከ 10 ሰዓት የሚፈቀድለት በሳምንት 2 ቀን ብቻ ነው። ይህ መንዳት ሥራቸው ለሆነ ሰዎች የወጣ ነው። ስለዚህ የአንቺ ጉዞ ልክ ጣሪያው ላይ ነው። ከዚህ ቢረዝም ኖሮ «ወይ ሌላ ሾፌር ያዢ፣ ወይ መንገድ ላይ እደሪ» እልሽ ነበር።

እኔ እንዲህ ከፋፍየዋለሁ። 12 ሰዓት ወጥተሽ ሁለት ሰዓት ከሩብ ትነጂያለሽ፤ 2፡15 ላይ ለ15 ደቂቃ ትወርጃለሽ። እስከ 4፡45 ትነጂና ነዳጅ ትቀጃለሽ። ያን ጊዜ 315 ኪሎ ሜትር ሄደሻል። መኪናሽ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ገደማ ስለሚበላ፣ ከ50 ሊትሩ ግማሹ አልቋል። ሙሉ ታንክ ብቻውን እስከ መጨረሻው አያደርስሽም። የነዳጅ ሰልፍ ደግሞ እረፍት አይደለም፤ ለእሱ 15 ደቂቃ ያዢና 45ቱን ከዚያ በኋላ ቁጠሪ። 5፡45 ተነስተሽ 8 ሰዓት ላይ እንደገና ቁሚ።

ይቺን የ8 ሰዓቷን አደራ አትዝለያት። ከምሳ በኋላ ባሉት ሰዓታት ሰውነት በራሱ ይደክማል፣ ሌሊቱን በደንብ ተኝተሽም ቢሆን። መኪናውን ከመንገድ ወጣ አድርገሽ አቁሚ፣ ቡና ጠጪ፣ ወዲያው ወንበሩን አስተኝተሽ 15 ወይም 20 ደቂቃ ሸለብ አድርጊ። ቡናው መሥራት የሚጀምረው ስትነቂ አካባቢ ነው። ለዚህ ግማሽ ሰዓት ስጪው።

8፡30 ስትነሺ የምትደርሺው 10፡45 ላይ ነው። ገና ሳይመሽ።

ድካሙ ቀድሞ ከመጣ ሰዓቱን አትጠብቂ። ያለፍሽውን መንገድ ማስታወስ ካቃተሽ፣ መኪናው ወደ መስመሩ ጠርዝ ከተሳበ፣ ዓይንሽ ከከበደ፣ እንቅልፍ ይዞሻል ማለት ነው። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮህ አያነቃሽም። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እየነዳሽ ለ4 ሰከንድ ዓይንሽ ቢከደን 100 ሜትር ማንም ሳይነዳው ይሄዳል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

መንገዱ ከተጨናነቀና ከዘገየሽ፣ የሚገፋው የመድረሻሽ ሰዓት ይሁን እንጂ እረፍቱ አይቀነስ። ለሚጠብቁሽም «ከ11 ሰዓት በፊት አትጠብቁኝ» ብለሽ ዛሬውኑ ደውዪላቸው።

እናትሽ